እናቴ ስታኝክ ጉንጯን ኮረንቲ እንደያዛት ትሆናለች፤ ይህ ራስ ምታት ነው?

ማለዳ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ላለፉት 4 ወራት የቀኝ ጉንጯ ያሰቃያታል። እሷ «ራሴን» ነው የምትለው፤ እኛም ራስ ምታት መስሎን የማስታገሻ ክኒን በየዓይነቱ ስንሰጣት ከረምን። አንዱም ጠብ አላለላትም።

የማየውን ልንገራችሁ። ምግብ ጎርሳ ሁለት ሦስቴ እንዳኘከች በድንገት ድርቅ ትላለች። ዓይኗን ትጨፍንና እጇን ወደ ጉንጯ ታነሳለች፤ ግን አትነካውም። መዳፏ ከፊቷ ትንሽ ራቅ ብሎ አየር ላይ ይቆማል። ጥቂት ቆይታ «አለፈ» ትለኛለች። ደግማ ስትጎርስ ያው ነው። ፊቷን የምትታጠበው በግራ በኩል ብቻ ሆኗል። ነፋስ ካለ መስኮት አጠገብ አትቀመጥም።

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስደናት የላይኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርሷ ተነቀለ። 10 ቀን ያህል ደህና ሆና ተመለሰባት። አጠገቡ ያለውም ተነቀለ፤ በእሱ ጊዜ አንድም ቀን እፎይ አላለችም። አሁን ሦስተኛው ይነቀል ተብሎ ሐሙስ ቀጠሮ አላት። ልውሰዳት ወይስ ይቅር?

---

ተጓዥ12

እህቴ፣ ይሄ ማይግሬን ነው። ማይግሬን አንድ ጎን ይይዛል፤ ፊት ላይም ይወርዳል። እኔን 20 ዓመት ሙሉ በግራ በኩል ነው የሚይዘኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኛት፣ ድምፅ ቀንሱላት።

---

ነርቭ_ክፍል

ማለዳ፣ በነርቭ ሕሙማን ክፍል ለረጅም ጊዜ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከመገመቴ በፊት እስኪ እነዚህን መልሺልኝ።

አንዱ ሕመም ከጀመረ እስኪቆም በሰዓት ስንት ይሆናል? «ቀኑን ሙሉ አመማት» አትበይኝ፤ አንዷን ብቻ ለኪያት። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ጉንጯ ላይ የሚቀር ሕመም አለ ወይስ ምንም የለም? ሲይዛት የዚያ ጎን ዓይኗ ይቀላል፣ እንባ ይወርደዋል? ሌሊት ከእንቅልፏ ያስነሳታል?

አንድ ደግሞ ለዕድሜዋ ስል የምጠይቅሽ አለ። ማኘኩ ገና ሲጀምር ነው የሚይዛት ወይስ ብዙ ካኘከች በኋላ መንጋጋዋ እየዛለ? ፀጉሯን ስታበጥር የራስ ቅሏ ቆዳ ያማታል? ዕይታዋ ድርግም ብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ? ይህን አስቀድመሽ መልሺ። መልሱ «አዎ» ከሆነ የሌሎችን መልስ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን የሚይዝ የጆሮ ግንድ ደም ሥር መቆጣት አለ፤ ስታኝክ ያማል፣ ራስም ያሳምማል፣ ዘግይቶ ከታከመ ደግሞ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

---

ማለዳ (ማክሰኞ ማታ)

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዛሬ ቁርስ ላይ ሰዓት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ዕይታዋ ደህና ነው፤ ፀጉሯን ስታበጥርም የሚያማት ነገር የለም። መንጋጋዋም አይዝልም፤ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ነው የሚይዛት።

በ25 ደቂቃ ውስጥ 14 ጊዜ ያዛት። አጭሩ «እህ» ብላ ሳትጨርስ የሄደ ነው። ረጅሙ 40 ሴኮንድ ገደማ። አብዛኛው ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ። በመካከል «ምን ይሰማሻል?» ስላት «ምንም፣ ጤነኛ ነኝ» አለችኝ። ዓይኗ አልቀላም። ሌሊት ደህና ትተኛለች፤ ብቻ በቀኝ ጎኗ አትዞርም።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። አከታትሎ አራት አምስት ጊዜ ከያዛት በኋላ ጋብ ይላል። ያኔ እናቴ ቶሎ ቶሎ ትጎርሳለች። ለካ ያቺን ጊዜ ለምዳታለች፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አትሞላም።

---

ነርቭ_ክፍል

ማለዳ፣ የመጨረሻዋ አንቀጽሽ ከሁሉም የበለጠ ትናገራለች። ነርቩ ደጋግሞ ከተኮሰ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይደክምና ብትነኪውም አይመልስም። ሕመምተኞቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ፤ በዚያች ፋታ ይበላሉ፣ ጥርስ ይቦርሻሉ። የታመመ ጥርስ እንዲህ ዓይነት ፋታ አይሰጥም፣ ማይግሬንም አይሰጥም።

የምትገልጪው ትራይጄሚናል ኒውራልጂያ የሚባለውን ይመስላል። ከአንጎል ወጥቶ የፊትን ስሜት የሚሸከም ነርቭ አለ፤ በየጎኑ አንድ ነው። በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭ፣ የላይ ከንፈርና የላይ ጥርሶች፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። ሕመሙ በብዛት የሚወጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ጥርስ የሚመስለው። ሕመሙ በእርግጥም ድዷ ላይ ነው የሚሰማት፤ የተበላሸው ግን ሽቦው እንጂ አምፖሉ አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ነርቩ ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ቦታ ላይ የተጠጋ ደም ሥር ነው። ደም ሥሩ በእያንዳንዱ የልብ ምት እየመታው የነርቩን ሽፋን ይልጠዋል። ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚነካካ ሁሉ፣ የመዳሰስን መልእክት የያዘው ክር ሕመምን ወደሚሸከመው ያፈስሳል። ነፋስ ወይም የፎጣ ጫፍ ነው የነካት፤ አንጎሏ የሚሰማው ግን ኮረንቲ ነው።

እጇ አየር ላይ መቆሙም ከዚሁ ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጩን ይዞ ይጫናል፣ ይደግፋል። ራሱን የታመመ ግንባሩን ያስራል። ይህ ያለበት ሰው ግን እጁን ያቀርባል እንጂ አይነካም።

ተጓዥ፣ ማይግሬን ፊት ላይ ሊወርድ ይችላል ማለትህ ልክ ነው። ግን አንተን ሲይዝህ ስንት ሰዓት ይቆያል?

---

ተጓዥ12

ግማሽ ቀን፤ ሲብስ ሁለት ቀን። ማስመለስም አለ።

እሺ፣ 10 ሴኮንድ ማይግሬን አላውቅም። ተቀበልኩ።

---

ነርቭ_ክፍል

ማይግሬን ሳይታከም ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ትከሻና ማጅራት የሚጨመድድበት ተራው ራስ ምታትም ከግማሽ ሰዓት አያንስም። ይህኛው ግን ከሴኮንድ ክፍልፋይ እስከ 2 ደቂቃ ነው። በእኛ ክፍል ከሥዕል ምርመራ በፊት ብዙ የሚለየው የግድግዳ ሰዓት ነበር።

ራስ ምታት ያለበት ሰው ብርሃንና ድምፅ ይረብሸዋል፣ ሕመሙ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የማለዳ እናት መብራቱም ጫጫታውም ግድ አይሰጣትም፤ እሷ የምትፈራው ፎጣ ነው። የተለመደው ማስታገሻም የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ክኒኑ ሆድ ውስጥ ሳይሟሟ ሕመሙ መጥቶ ሄዷል። ቢሟሟም የሚያበርደው የሰውነት መቆጣትን እንጂ የነርቭ ተኩስን አይደለም።

---

ሰላሜ_ናት

ውይ፣ እኔንም ይዞኝ ነበር! ጠዋት ስነሳ ከንፈሬ ወደ ግራ ተጣሞ፣ ቀኝ ዓይኔ አልከደን ብሎኝ፣ ውኃ ስጠጣ በጎን ይፈስ ነበር። በክኒንና በማሸት ነው የዳንኩት። እናትሽን ጉንጯን በሞቀ ፎጣ በደንብ አሽያት፣ ይለቃታል።

---

ነርቭ_ክፍል

ሰላሜ፣ እንኳን ዳንሽ፤ ግን ያንቺ ሌላ ነርቭ ነው። ያንቺው የፊትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ ሲታመም ፊት ይጣመማል፣ እንዲህ ያለ የኮረንቲ ሕመም አይሆንም። የማለዳ እናት ፊት አልተጣመመም። ማለዳ፣ አደራ አታሺያት። በሞቀ ፎጣ ማሸት ማለት ቃታውን መሳብ ነው።

---

ጥርስ_ነቃይ

ስሜን ለቀልድ ነው ያወጣሁት፣ ጥርስ ሐኪም ነኝ። የሙያ ባልደረባዬን አልወቅስም፤ ሕመምተኛዋ በጣቷ «ይኸኛው ነው» ብላ ጥርሱን ታሳያለች፣ አንዳንዱም «ንቀልልኝ» ብሎ ይለምናል። ግን ሲስተር እንዳለችው ብቻም አይደለም። የተሰነጠቀ ጥርስም ሲነክሱበት እንደ ኮረንቲ ቀጭ ያደርጋል፣ በሴኮንድ ይጠፋል። ስንጥቁ በራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ «ሲያኝክ ይነዝራል» የሚለው ብቻውን ጥርስን ነፃ አያወጣም።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በትንሽ ማስነከሻ አስነክሳለሁ። የተሰነጠቀው ሁልጊዜ በዚያው ጥርስ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ንክሻውን ሲለቅ ነው የሚያመው። ቀዝቃዛ ነገር ሳስነካው ይነሳል፣ ሊቆይም ይችላል። ቆዳን በጥጥ ስዳብስ ግን ምንም አይሆንም። ከንፈር ጫፍ ላይ ጥጥ ነክቶት የሚዘል ሰው ካየሁ መንቀያውን አስቀምጣለሁ።

ማለዳ፣ እናትሽ ስትናገር ወይም ከንፈሯ ሲነካ ይነሳባታል?

---

ማለዳ

አዎ ዶክተር። በተለይ ከአፍንጫዋ ጎን ወደ ከንፈሯ በሚወርደው መስመር ላይ አንዲት ቦታ አለች። የልጅ ልጇ ስትስማት ጮኸች፤ ልጅቷ ደንግጣ ከዚያ ወዲህ አትጠጋትም። ስልክ ማውራትም ትታለች።

ግን የመጀመሪያው ጥርስ ሲነቀል 10 ቀን ለምን ተሻላት?

---

ጥርስ_ነቃይ

እኛን የሚያሳስተን እሱ ነው። ይህ ሕመም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዱ ላይ ለዓመታት። ጥርሱ የተነቀለበትና ሕመሙ ፋታ የሰጠበት ጊዜ ከተገጣጠመ ሁለታችንም «ዳነ» እንላለን። ሁለተኛው ሲነቀል ግን ፋታው አልመጣም። የሐሙሱን ቀጠሮ አትሰርዢው፤ ጥጡንና ማስነከሻውን ይሞክርላት። ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ ግን መንቀያ እንዳያነሳ።

---

ሌሊት_ዘብ

እኔ ደግሞ የራሴን ልጨምር። የኔ በቀኝ ዓይኔ ዙሪያ ነው፣ ሰው በቢላ የሚወጋኝ ያህል። በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይቀሰቅሰኛል፤ 1 ሰዓት ያህል ይቆያል። ዓይኔ ይቀላል፣ አፍንጫዬ በዚያ ጎን ይደፈናል፣ ክፍሉን እየዞርኩ ግድግዳ እመታለሁ። አንዱ ሐኪም ትራይጄሚናል ብሎ ጽፎልኛል። እውነት ነው?

---

ነርቭ_ክፍል

ሳላይህ አልወስንም፤ ግን የነገርከኝ ይህን አይመስልም። ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት የሚቆይ፣ ከዓይን መቅላትና እንባ ጋር የሚመጣ፣ ሰውን ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ ሌላ የራስ ምታት ዓይነት አለ፤ ክላስተር ይባላል። የማለዳ እናት ትደርቃለች፤ ፊቷ እንዳይንቀሳቀስ እንደ ሐውልት ትሆናለች። አንተ ግድግዳ ትመታለህ። ክላስተር ላይ በጭንብል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ብዙ ሰው ያስታግሳል፤ በማለዳ እናት ዓይነት ሕመም ላይ ግን ምንም አይሠራም። ስለዚህ መለየቱ ይጠቅምሃልና ወረቀትህን ይዘህ እንደገና ተመርመር።

---

ሐምራዊ_ሻሽ

እኔ 33 ዓመቴ ነው። እንደ እናትሽ ይነዝረኛል፤ ግን አሁን አሁን ጉንጬ ላይ ደንዝዞ የቀረ ቦታ አለ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ዓይኔ ለሁለት ሳምንት ደብዝዞ ተመልሷል። በጣም ነው የፈራሁት።

---

ነርቭ_ክፍል

እህቴ፣ ያንቺን ከማለዳ እናት ጋር አንድ አላደርገውም። ከ40 ዓመት በታች መሆንሽ፣ መደንዘዙና የዓይኑ ነገር ሲደመሩ የራስ ኤምአርአይ የሚያስፈልግሽ ሰው ነሽ። የነርቭ ሽፋንን የሚያጠቃ በሽታ ወይም ነርቩን የሚጫን ዕጢ ያንኑ ኮረንቲ ሊያመጣ ይችላል። ነው አላልኩም። ግን የዓይንሽን ነገር ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትወጪ፤ ሰዎች «እሱ አልፏል» ብለው ይተዉታል።

---

ማለዳ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ይቅርታ ጠፋሁ። ሐሙስ ሄድን። ጥርስ ሐኪሙ ጥጡን ከንፈሯ ላይ ገና ሲያስነካት ከወንበሩ ዘለለች። ጥርሱን ሳይነቅል ወደ ነርቭ ሐኪም ላካት።

ካርባማዜፒን ታዘዘላት፤ 100 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው ሲባል እናቴ «እኔ መቼ ወደቅሁ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ቁርሷን ሳትቆም ጨረሰች። ቀስ እያለ ወደ 200 ጠዋትና ማታ ከፍ ተደረገላት።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ስትነሳ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገድ ጀመር፣ ቃልም ይጠፋባት ነበር። እኛ እርጅና ነው ብለን ነበር። ደሟ ሲመረመር ሶዲየም የሚባለው ጨው ወርዶ 127 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ የምትወስደውን የደም ግፊት ክኒንም ቀየረላት። አሁን 136 ነው።

ሕመሙ ግን ከሳምንት ወዲህ ትንሽ ትንሽ ተመልሷል። መድኃኒቱ ከሸፈ ማለት ነው?

---

ተጓዥ12

ከሠራላት በሽታው ተረጋግጧል ማለት ነው አይደል? ቢያንስ እሱ ደስ ይላል።

---

ነርቭ_ክፍል

ተጓዥ፣ ለዚህ በሽታ ጥሩ ምልክት ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ዕጢ ወይም የነርቭ ሽፋን በሽታ ባመጣው ሕመም ላይም ይሠራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ቢሠራም ኤምአርአዩ አይቀርም።

ማለዳ፣ የመመለሱ ምክንያት ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው መጠኑ መቀነሱ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ይህ መድኃኒት ጉበትን ያነቃቃና ራሱን ቶሎ ከሰውነት እንዲወጣ ያደርጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ሲሠራ የነበረው መጠን ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ደሟ ውስጥ የሚገኘው ያንሳል። ከሸፈ ማለት አይደለም። ግን ሶዲየሟ ስለወረደ በራሳችሁ እንዳትጨምሩ፤ ሐኪሙ ወይ በጥንቃቄ ይጨምራል ወይ ሌላ መድኃኒት ይደርባል። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ ከትኩሳት ወይም ከአፍ ቁስል ጋር፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳትውጥ ሐኪም ይያት።

---

ማለዳ

ኤምአርአዩም ወጥቷል። በቀኝ በኩል ደም ሥር ነርቩን ነክቷል ይላል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናም እንዳለ ነገረን፤ እናቴ «ጭንቅላቴን አታስከፍቱኝም» ብላለች። ወንድሜ ደግሞ ምክንያቱ ከታየ ለምን ትሰቃያለች እያለ ነው። ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል።

---

ነርቭ_ክፍል

ወንድምሽ ያላየው አንድ ነገር አለ። ሕመም ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች ኤምአርአይ ላይም ደም ሥር ነርቩን ነክቶ ይታያል። ስለዚህ ሥዕሉ ብቻውን አይወስንም። ደም ሥሩ ነርቩን ገፍቶት ወይም አቅጥኖት ከሆነ ነገሩ ይጠነክራል፤ ሪፖርቱ «ነክቷል» ብቻ ነው የሚለው ወይስ «አጉብጧል»? ጠይቂ።

---

ከጆሮ_ጀርባ

ማለዳ፣ እኔ ተደርጎልኛል፣ 57 ዓመቴ ላይ። «ጭንቅላት መክፈት» ሲባል ያስፈራል፤ ቀዳዳው ከጆሮ ጀርባ ነው፣ ትንሽ ናት። ደም ሥሩን ከነርቩ አርቀው በመካከል የቴፍሎን ስፖንጅ አስቀመጡልኝ። ስነቃ ኮረንቲው የለም። ከተሠራላቸው ከ10 ሰዎች 7 ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላም ደህና ናቸው ብለውኝ ነበር፤ የእኔ ገና 6 ዓመቱ ነው።

የተከፈለውንም ልንገርሽ። በዚያ ጎን ጆሮዬ መስማቱ ቀንሷል፤ ስልክ በግራ ነው የማወራው። አስቀድመው ነግረውኛል፣ ፈርሜያለሁ፣ አልጸጸትም። ግን ክኒኑ ሳይጎዳኝ ቢሠራልኝ ኖሮ እገባ ነበር? እውነቱን ለመናገር አላውቅም። እኔን ያስገባኝ የመድኃኒቱ ማንገዳገድ ነው።

---

ጥርስ_ነቃይ

በመርፌ ጉንጭ በኩል ገብተው ነርቩን በትንሽ ፊኛ የሚጫኑበትም አለ። ሰውነታቸው ቀዶ ሕክምናን ለማይችል ሰዎች የተሻለ ነው ይባላል፤ ፊት ግን ይደነዝዛል፣ ሕመሙም ከዚያኛው ቶሎ ይመለሳል። ጉንጯ የደነዘዘ ሴት ስታኝክ ምላሷን ነክሳ መጥታብኝ ሰፍቻለሁ።

---

ማለዳ

ሪፖርቱን አየሁት፤ «ነክቷል» ነው የሚለው፣ ስለማጉበጥ ምንም የለም። እናቴ ለጊዜው ክኒኑን መርጣለች። አንድ ነገር ብቻ፦ ሁለት ወር ጤነኛ ከሆነች በአንድ ጊዜ ልታቆመው ነው የምታስበው።

---

ነርቭ_ክፍል

በአንድ ጊዜ አይሆንም። ከሐኪሟ ጋር ተስማምታችሁ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ነው የሚወጣው። ከተመለሰ የመጨረሻው የሠራላት መጠን የትኛው እንደነበር ታውቂ ዘንድ ቀንና መጠኑን ጻፊ። ሶዲየሟንም መጠን በተነካ ቁጥር አስለኪ፤ ሌሊት ስትነሳ አንድ ሰው አብሯት ይሁን።